በ8 ሥዕል የሚደጋገም እሳት ለምን ከመንደድ ይልቅ ይወዛወዛል? (ጭስና የኩሬ ውኃም አብረው አሉ)

ጥቁር ሰሌዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ለሕፃናት የሚሆን አጭር የተረት ፊልም ብቻዬን በክሪታ እየሣልኩ ነው። በአንዱ ትዕይንት አያት ደጅ ላይ በተቀጣጠለ እሳት ዙሪያ ልጆቹን ሰብስበው ተረት ያወራሉ። ትዕይንቱ 6 ሰከንድ ይቆያል። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለማቆየው በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃኛል። ለእሳቱ ብቻ 72 ሥዕል ለመሣል ጊዜ የለኝም፤ ስለዚህ 8 ሥዕል ሠርቼ ዘጠኝ ጊዜ ልደጋግመው ወሰንኩ።

ላንቃው ወደ ግራ ያዘነበለበትን ሥዕል 1ኛ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለበትን 5ኛ አደረግሁና በመካከል 2ኛውን፣ 3ኛውንና 4ኛውን ሞላሁ። ከ6ኛው እስከ 8ኛው ያሉትን ደግሞ 4ኛውን፣ 3ኛውንና 2ኛውን በመገልበጥ አገኘኋቸው። ሲጫወት ግን ነፋስ የሚያወዛውዘው ጨርቅ እንጂ እሳት አይመስልም። መስመሩ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙም ጥሩ ነው፤ የሚጎድለው ወደ ላይ የመውጣት ስሜት ነው። ከእሳቱ በላይ ጭስ አለ፣ በሌላ ትዕይንት ደግሞ አንድ ልጅ ድንጋይ ወደ ኩሬ ይወረውራል። ሁለቱንም በዚሁ መንገድ ለመሥራት ስላሰብኩ ስሕተቱን አሁኑኑ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ፋኖስ 24

ችግሩ ሥዕሎቹ እርስ በርሳቸው በጣም መመሳሰላቸው ይመስለኛል። እሳት ሥርዓት የለውም። እኔ እሳት ስሠራ እያንዳንዱን ሥዕል የቀደመውን ሳላይ ከባዶ እሥላለሁ፤ ከዚያም በሁለት ፍሬም ፈንታ በአንድ ፍሬም አጫውተዋለሁ። ያን ጊዜ ይንቦገቦጋል፣ ሕይወትም ያገኛል። ስምንቱን ሥዕሎች ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቀው ቢያጫውቷቸው እንኳ አሁን ካለው የተሻለ ውጤት የሚያገኙ ይመስለኛል።

የቀለም ቀንድ

ፋኖስ 24 የተናገሩት ለአንድ ነገር ይሠራል፤ እሱም እሳቱ በሰዎቹ ፊትና በግድግዳው ላይ የሚጥለው ብርሃን ነው። የብርሃኑን ጥንካሬ በሦስትና በአራት ደረጃ ከፍሎ ያለ ቅደም ተከተል መቀያየር ደኅና ነው። ለነበልባሉ ቅርጽ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ዓይን በአንዱ ሥዕል ያየውን ስርጉድ በሚቀጥለው ሥዕል ትንሽ ከፍ ብሎ ካላገኘው የሚያየው መንቀጥቀጥን ብቻ ነው። ሥዕሎቹ ሲዘበራረቁ እሳቱ ይንቦገቦጋል እንጂ አይወጣም።

የጥቁር ሰሌዳ ስሕተት ሌላ ነው፣ ብዙዎቻችንም የጀመርነው ከዚያ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ በመጣበት መንገድ የሚመለስ ዑደት ለፔንዱለምና ለዛፍ ቅርንጫፍ ይሆናል። እሳት ግን የሄደበትን መንገድ አይመለስበትም። በ6ኛው፣ በ7ኛውና በ8ኛው ሥዕል ላይ ነበልባልዎ ወደ ታች እየተጎተተ ነው፤ ተመልካቹ ባይናገረውም ይታወቀዋል።

የሚደጋገም እሳት የሚሠራው በቅብብል ነው። በነበልባሉ ጎን ላይ ከሥር እስከ ጫፍ በርከት ያሉ ስርጉዶች ይኖራሉ። ስምንቱ ሥዕሎች ሲያልቁ የታችኛው ስርጉድ ቀድሞ ሁለተኛው የነበረበት ቦታ ይደርሳል፣ ሁለተኛው የሦስተኛውን ቦታ ይይዛል፣ ሦስተኛው ጫፉ ላይ ደርሶ ይጠፋል፣ ከሥር ደግሞ አዲስ ይወለዳል። ስለዚህ 9ኛው ሥዕል ከ1ኛው ጋር አንድ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድም ስርጉድ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ተመልካቹ የሚከተለው አንዱን ስርጉድ ስለሆነ ዑደቱ የት እንደተዘጋ አያውቅም።

በቁጥር ላሳይዎት። ነበልባልዎ በማያ ገጹ ላይ 480 ፒክሰል ቁመት አለው እንበል። በግራው ጎን ላይ አራት ምልክት ያድርጉ፦ አንዱ ከሥር 0 ላይ፣ ሁለተኛው 80 ላይ፣ ሦስተኛው 220 ላይ፣ አራተኛው ጫፉ ላይ ማለትም 480 ላይ። በ1ኛው ሥዕል ስርጉዶቹ በሦስቱ የታች ምልክቶች ላይ ይቀመጣሉ። በስምንት ሥዕል ውስጥ የመጀመሪያው 80 ፒክሰል፣ ሁለተኛው 140፣ ሦስተኛው 260 ይጓዛል። ርቀቶቹ ወደ ላይ እየሰፉ መሄዳቸውን ልብ ይበሉ፤ የጋለ አየር ሲወጣ ስለሚፈጥን ያ ፍጥነት በምልክቶቹ አቀማመጥ ውስጥ አስቀድሞ ይገባል ማለት ነው። የቀኙን ጎን በእነዚሁ ምልክቶች ይሥሩት፤ ነገር ግን በአራት ሥዕል ያዘግዩት። ግራው ሲሰረጉድ ቀኙ ያብጣል፣ ነበልባሉም ሳያዘነብሉት በራሱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። እርስዎ በእጅ ያደረጉት ማዘንበል የዚህ ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም።

ባለ ስክሪኑ

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ለአንድ ቡና ቤት በግድግዳ ስክሪን ላይ ቀኑን ሙሉ የሚደጋገም የጀበና እንፋሎት ሠርቼ ነበር፤ በየዙሩ መጨረሻ ላይ ግን ቅጽበታዊ መቆም ይታያል። ጥያቄው ስለ ቪዲዮው ፋይል ከሆነ እኔ ሥዕሎቹን ወደ ቪዲዮ የምቀይረው በዚህ ትእዛዝ ነው። ለስምንት ሥዕል ልክ 6 ሰከንድ ይሰጣል፦

```
ffmpeg -framerate 12 -i esat_%02d.png -vf "loop=loop=8:size=8:start=0" -r 24 -pix_fmt yuv420p esat.mp4
```

`loop=8` ማለት ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ስምንት ጊዜ ይደገም ማለት ስለሆነ በጠቅላላው ዘጠኝ ዙር ይሆናል። መቆሙን ግን ይህ አላስተካከለልኝም።

የቀለም ቀንድ

የጠያቂው ችግር የፋይል አይደለም። የእርስዎ መቆም ግን ምክንያቱ የታወቀ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያውን ሥዕል እንደገና መጨረሻ ላይ አስገብተውት ይሆናል። 9ኛው ሥዕል ከ1ኛው ጋር አንድ ነው ስንል ለመፈተሽ እንሥለዋለን እንጂ በዑደቱ ውስጥ አናስቀረውም። ከቀረ አንድ ሥዕል በሁለት ፍሬም ፈንታ አራት ፍሬም ይቆያል፣ በየዙሩም እንደ ልብ ምት ይደልቃል። የሥዕሎቹን ብዛት ይቁጠሩ።

ባለ ስክሪኑ

ቆጠርኳቸው፤ 12 መሆን ሲገባቸው 13 ናቸው። የመጨረሻው በእርግጥ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። አመሰግናለሁ።

ቀጭን መስመር

የቀለም ቀንድ በሰጡት ቁጥር ላይ አንድ ማስተካከያ ልጨምር፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ምልክቶቹን በትክክል አድርጎም እሳቱ ይነጥርበታል። 80ውን ለስምንት እኩል ብንከፍለው አንዱ እርምጃ 10 ፒክሰል ነው። 140ው ለስምንት ሲከፈል 17.5፣ 260ው ደግሞ 32.5 ይሆናል። ስለዚህ ስርጉዱ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ሲያልፍ ፍጥነቱ በድንገት እጥፍ ሊሆን ይቀርባል፤ ይህም በየምልክቱ ላይ እንደ መንጠር ሆኖ ይታያል። እርምጃዎቹ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥም ማደግ አለባቸው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ክፍል 7፣ 8፣ 9፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 14 ብንሄድ ድምሩ 80 ነው፤ ሁለተኛው ክፍል በ14 ተነሥቶ በአንድ አንድ እያደገ 21 ሲደርስ 140 ይሞላል፤ ሦስተኛው ከ22 ጀምሮ በሦስት ሦስት እያደገ 43 ሲደርስ 260 ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ከክፍል ወደ ክፍል ያለው ሽግግር አይታወቅም። ቁጥሩን በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ በተለየ ሌየር ላይ እንደ ማስመሪያ ጭረቶች አንድ ጊዜ ተሥሎ ለሁለቱም ጎኖች ያገለግላል።

ሁለተኛው ነገር ከጫፉ ተቆርጦ የሚሄደው ቁራጭ ነው። የግራውና የቀኙ ስርጉዶች ጫፉ አካባቢ ሲቀራረቡ አንገት ይፈጠራል፣ አንገቱ ይበጠሳል፣ ከላይ የቀረው እየጠበበ ይጠፋል። ጀማሪ ሰው ቁራጩ በ6ኛው ሥዕል ላይ ተበጥሶ በ8ኛው እንዲጠፋ ያደርገዋል፤ ዑደቱ እዚያ የሚያልቅ ይመስለዋልና። በሦስት ሥዕል የሚሞት ቁራጭ ብልጭ ብሎ ከመጥፋት አያልፍም። ይልቁንስ በ6ኛው ተበጥሶ በ7ኛውና በ8ኛው ይቀጥል፣ በ1ኛውና በ2ኛውም ላይ ይኑር። 1ኛው ሥዕል ሲሣል ከሱ በፊት የተወለደ ቁራጭ ከላይ እንደሚገባበት ማስታወስ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ፋኖስ 24

ስለ ብርሃኑና ስለ ቅርጹ የተለየው ነገር ትክክል ነው፤ የእኔ ሥራዎች ለምን እንደሚንቦገቦጉና ለምን እንደማይወጡ አሁን ገባኝ። በአንድ ፍሬም ማጫወቱ ግን ይሻላል የሚለውን አልተውም፤ በተለይ ፍንጣሪው በሁለት ፍሬም ሲሄድ ዝላዩ በጣም ይታያል።

የቀለም ቀንድ

ለፍንጣሪው እስማማለሁ። ለነበልባሉ ግን እነዚሁ ስምንት ሥዕሎች በአንድ ፍሬም ሲጫወቱ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ እጥፍ ፍጥነትም እሳቱን ትንሽ ያስመስለዋል። ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሰፊ ሳህን ላይ የሚነድ እሳትን የለኩ ሰዎች እንዳገኙት፣ ነበልባሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያብጥ ለማወቅ 1.5ን የእሳቱ ስፋት በሜትር ተለክቶ በሚሰጠው ካሬ ሥር ማካፈል ይበቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የደጅ እሳት በሰከንድ 2.7 ጊዜ ያህል ያብጣል። የጥቁር ሰሌዳ ዑደት ስምንት ሥዕል ሲሆን ይኸውም የአንድ ሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በዙር ሁለት ጊዜ ስለሚያብጡ በሰከንድ 3 ይመጣል። ለዚህ እሳት በሁለት ፍሬም ማጫወቱ ተስማሚ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥቁር ሰሌዳ

ሁሉንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሌሊቱን የመጀመሪያውን በቅብብል የተሠራ እሳት ሣልኩ። በእርግጥ ይወጣል! አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። በፊልሙ መጨረሻ የመስቀል ደመራ አለ። ይህንኑ ዑደት አሥር እጥፍ አሳድጌ ልጠቀምበት አስቤ ነበር፤ ከላይ የተጻፈውን ሳነብ ግን ጥርጣሬ ገባኝ።

የቀለም ቀንድ

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ሥር ላይ 3 ሜትር የሚሰፋ እሳት በዚያው ስሌት በሰከንድ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ 0.87 ገደማ ነው። ደመራ የቆመ እንጨት ስለሆነ ስሌቱ በግምት ብቻ ይሠራል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ትልቅ እሳት ቀስ ይላል። ስምንቱን ሥዕል አሳድገው ቢያስቀምጡት ተመልካቹ የሚያየው ከካሜራ አጠገብ ያለ ትንሽ እሳት ነው። ለደመራው 24 ሥዕል ያህል ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ጉብታዎች በ24 ይዙሩ፤ በእነሱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ትንንሽ ላንቃዎች በ8 ይዙሩ። 24 ለ8 ስለሚካፈል ሁለቱ በአንድነት ይዘጋሉ።

ቀጭን መስመር

ወደ ጭሱ እንሂድ፤ እስካሁን ማንም አልነካውምና። የእሳቱን ዘዴ ሳይለውጡ ወደ ጭስ ማዛወር አይቻልም፤ ቅብብሉ ያው ቢሆንም ርቀቶቹ ይገለበጣሉ። ጭስ ከእሳቱ አፍ ሲወጣ ፈጣን ነው፣ እየቀዘቀዘና ከአካባቢው አየር ጋር እየተደባለቀ ሲሄድ ይዘገያል፣ ደግሞም ይሰፋል። ስለዚህ ምልክቶቹ ከሥር የተራራቁ፣ ከላይ የተቀራረቡ ይሆናሉ፤ ለምሳሌ 0፣ 150፣ 260፣ 340። ጭሱ የሚሣልባቸው ኳሶች እያደጉ ቦታቸው ስለሚጠብብ አንዱ በሌላው ላይ መደራረቡ አይቀርም። በተደራረቡበት ቦታ ላይ ያለውን መስመር ያጥፉት፤ ካላጠፉት በክር የተሰኩ ብርቱካኖች ይመስላሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር የጭሱ ጠርዝ አዟዟር ነው። የጭስ ኳስ መሐሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠርዙ ደግሞ ወደ ውጭ ተገልብጦ ወደ ታች ይጠቀለላል። በኳሱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች በየሥዕሉ ከአናቱ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ታች ያውርዷቸው፤ ኳሱ በጠቅላላው ግን መውጣቱን ይቀጥላል። ይህ ከሌለ ኳሱ እንደ ፊኛ ብቻ ይነፋል።

ባለ ስክሪኑ

እኔ እንፋሎቱን ከላይ ሲደርስ ግልጽነቱን ቀስ በቀስ ጨምሬ አጠፋዋለሁ። ለጭስም ይህ የሚበቃ ይመስለኛል።

ቀጭን መስመር

ለእንፋሎት ይሆን ይሆናል፤ እንፋሎት በአየር ውስጥ ስለሚሟሟ ለዓይን የሚታየውም እንደዚያ ነው። በጠንካራ መስመርና በአንድ ወጥ ቀለም ለተሣለ ጭስ ግን ግልጽነት መጨመር አይመቸኝም። ጠርዙ ሹል ሆኖ እያለ ሆዱ ሲሳሳ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ይታያል። እኔ መሐሉ ላይ ቀዳዳ እከፍታለሁ፣ ቀዳዳውም በየሥዕሉ እየሰፋ ኳሱን ወደ ቀጫጭን ጨረቃዎች ይለውጠዋል፣ ጨረቃዎቹም ይበጣጠሱና ይጠፋሉ። ኳሱ ግን ፈጽሞ ማነስ የለበትም፤ የሚያንስ ጭስ ወደ ኋላ የሚጫወት ፊልም ይመስላል።

የቀለም ቀንድ

በዚህ ላይ ከቀጭን መስመር ጋር አልስማማም። ጭሱ ከተረት ሰጪዋ አያት በስተጀርባ ያለ ከሆነ ቀዳዳዎችና ጨረቃዎች ዓይንን ከፊታቸው ይስባሉ። ለስለስ ባለ ብሩሽ ተሥሎ ግልጽነቱ ቢጨምር ትዕይንቱን አይረብሽም። ሁለቱንም ሠርቶ ከአያትየዋ ፊት ጋር አብሮ ማየት ነው።

ዓባይ ዳር

የኩሬውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ለሁለት ዓመት ያህል የሠራሁት የወንዝና የሐይቅ ዳራ ነውና። በመጀመሪያ ድንጋዩ ሲገባ ያለውን ፍንጥቅታ ከዑደት አውጡት። ፍንጥቅታ አንድ ጊዜ ሆኖ ያበቃል፣ ስበት ስለሚገዛውም ጊዜው እንደፈለግን አይሳብም። 20 ሳንቲ ሜትር የሚዘል ጠብታ ላይ ለመድረስ 0.2 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ይህም 5 ፍሬም ያህል ነው፤ ለመውረድም እንዲሁ። በሁለት ፍሬም ከተሣለ ለመውጣት ሁለት ሥዕል ተኩል ብቻ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ይህን ብቻ በአንድ ፍሬም ይሣሉ። 1 ሜትር ከ25 የሚዘል ውኃ ከሆነ 12 ፍሬም ወጥቶ 12 ፍሬም ይወርዳልና በሁለት ፍሬም ሊያዝ ይችላል።

ዑደት የሚሆኑት ከፍንጥቅታው በኋላ የሚሰፉት ክበቦች ናቸው፣ እነሱም የቅብብል ሥራ ናቸው። ከእሳትና ከጭስ የሚለዩት ርቀታቸው እኩል በመሆኑ ነው፤ ለሥዕል በሚበቃ ልክ የሞገዱ ፍጥነት አይለዋወጥም፣ የሚቀንሰው ከፍታው ነው። በስድስት ሥዕል ልሥራው። የክበቦቹ ግማሽ ስፋት 40፣ 100፣ 160 እና 220 ፒክሰል ይሁን። አንዱ ከሌላው 60 ስለሚርቅ በየሥዕሉ 10 ፒክሰል ይሰፋሉ፤ በስድስተኛው እርምጃ እያንዳንዱ የሚቀጥለውን ቦታ ይረከባል። ከፍታው መቀነሱን የሚያሳየው መስመሩ ነው፤ በመሐል ወፍራም፣ ሲሰፋ ቀጭን፣ በመጨረሻው ክበብ ላይ የተቆራረጠ። የሚቆራረጥባቸውን ቦታዎች በየሥዕሉ አይቀያይሩ፤ ክፍተቱ ከክበቡ ጋር አብሮ ይስፋ፤ ያለዚያ ጠርዙ ይብለጨለጫል።

ኩሬውን ከጎን ስለምናየው ክበቡ የተለጠጠ ነው። ስፋቱ የቁመቱ ሦስት እጥፍ ከሆነ በሁሉም ክበቦች ላይ ሦስት እጥፍ ይቆይ። አንድ ጊዜ ውጪኛውን ክበብ በዓይን ግምት ክብ አድርጌ ሣልኩትና ውኃው ወደ ተመልካቹ የተዘነበለ ሳህን መሰለ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ጥቁር ሰሌዳ

የዓባይ ዳርን ቁጥሮች እንዳሉ ተጠቅሜ ኩሬውን ጨርሻለሁ። ፍንጥቅታውን በአንድ ፍሬም፣ ክበቦቹን በሁለት ፍሬም አድርጌ ሁለቱ አብረው በደኅና ሄዱ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። እሳቱ በ8፣ ጭሱ በ12 ሥዕል ይዞራል። ስድስቱን ሰከንድ ሳየው በየሁለት ሰከንዱ ያው ጭስ ከያው እሳት ጋር ሲገናኝ ይታወቀኛል። ሌላ ሰው ያስተውለዋል?

ቀጭን መስመር

ያስተውላል። 8 እና 12 በ24 ሥዕል ይገናኛሉ፣ ያም 2 ሰከንድ ነው። ለጭሱ አንድ ሥዕል ጨምረው 13 ያድርጉት። 8 እና 13 የሚገናኙት በ104ኛው ሥዕል ላይ፣ ከ8 ሰከንድ ተኩል በኋላ ነው፤ ትዕይንትዎ ከዚያ በፊት ያበቃል። ባለ ስክሪኑ ግን ይህን አይከተሉ። የእርስዎ ቪዲዮ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ስለሆነ አንድ ፋይል ውስጥ ሁሉም ዑደቶች በአንድነት መዘጋት አለባቸው፣ ለእርስዎ 8 እና 12 ይሻላሉ።

ጥቁር ሰሌዳ

13ኛውን ሥዕል በመጨረሻ ላይ ብቻ ልጨምረው ወይስ እርምጃዎቹን ሁሉ እንደገና ላካፍል?

ቀጭን መስመር

መጨረሻ ላይ ብቻ ከጨመሩት እርምጃው እዚያ ቦታ ላይ ያጥራል፣ ጭሱም በየዙሩ አንድ ጊዜ ያመነታል። ማስመሪያውን ለ13 እንደገና ያካፍሉ። ከሥር ያሉት እርምጃዎች ረጃጅም ስለሆኑ አዲሱን ሥዕል እዚያ ቢያስገቡት የሚነካው ሥዕል ጥቂት ይሆናል፤ እኔ ከ2ኛውና ከ3ኛው መካከል አስገብቼ በዙሪያው ያሉትን አራቱን ብቻ አስተካክል ነበር።